ከውዳሴ ወደ ዜና፦ ራሱን የሚያወድስ የጋዜጣዊ መግለጫ ረቂቅን የማረም ሂደት

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ ራሱን የሚያወድስ የጋዜጣዊ መግለጫ ረቂቅ ሚዛናዊና ለዜና የሚበቃ ሆኖ እንዴት እንደሚታረም በአንድ ምሳሌ ይመረምራል። መከራከሪያው እርማት ቅጽሎችን ከመሰረዝ ያለፈ ሥራ መሆኑ ነው። በአማርኛ ረቂቆች ውስጥ ውዳሴው በቅጽል ብቻ ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር፣ ባለቤት በሌለው ግስና ቅጽል በሌለው ድምዳሜ ውስጥ ጭምር ይገኛል። ስለዚህ አራሚው እያንዳንዱን የውዳሴ ቃል ወደ ጥያቄ መለወጥና መልሱን በጽሑፉ ውስጥ መተካት ይጠበቅበታል።

1. መነሻ

ጋዜጣዊ መግለጫ ሁለት ጌቶች ያሉት ጽሑፍ ነው። የሚያወጣው ተቋም ሥራው እንዲታወቅለት ይፈልጋል፤ የሚቀበለው ጋዜጠኛ ደግሞ ለአንባቢው የሚጠቅም መረጃ ይሻል። የቋንቋ ተመራማሪው ኸርት ያኮብስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ ዘውግ ዋና ጠባይ ጋዜጠኛው እንዳለ ሊገለብጠው በሚችል መልክ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። ተቋሙ ስለራሱ ሲጽፍ «እኛ» ከማለት ይልቅ በስሙ የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ጽሕፈት ቤታችን» የሚል መግለጫ በጋዜጣ ላይ እንዳለ ሊታተም አይችልም፤ ጋዜጣው የጽሕፈት ቤቱ አይደለምና።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ችግር ቀላል አይደለም። የሰው ኃይል ያነሰው የዜና ክፍል መግለጫውን ሳያጣራ ሲያወጣ፣ የተቋሙ ውዳሴ የመገናኛ ብዙኃኑ ምስክርነት ሆኖ ለሕዝብ ይደርሳል። የዜና ክፍሉ ጠንቃቃ ሲሆን ደግሞ መግለጫው ይጣላል፤ በውስጡ የነበረው ጠቃሚ መረጃም አብሮት ይቀራል።

2. ረቂቁ

የሚከተለው ረቂቅ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። 60,000 ነዋሪዎች ያሏትን አንዲት ከተማ የሚያገለግል የውኃ ጽሕፈት ቤት ያወጣው ሆኖ ይታሰብ።

«ለኅብረተሰቡ እርካታ ሌት ተቀን በመትጋት ላይ የሚገኘውና በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነው የከተማችን ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ በክቡር ሥራ አስኪያጁ ብልህ አመራር፣ የነዋሪውን የዘመናት የውኃ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የመለሰውንና በከፍተኛ በጀት የተገነባውን ታሪካዊ የውኃ ፕሮጀክት ጥር 12 ቀን በደማቅ ሥነ ሥርዓት አስመርቆ ለአገልግሎት አበቃ። ፕሮጀክቱ የከተማዋን የውኃ አቅርቦት በእጅጉ እንዳሳደገው ተገልጿል። ‹ይህ አኩሪ ድል የአመራራችን ቁርጠኝነት ውጤት ነው› ሲሉ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ተናግረዋል።»

3. ውዳሴው የተቀመጠበት ቦታ

በአማርኛ ገላጭ ከስም ይቀድማል፤ ግስም በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ይመጣል። ይህ ሥርዓት በራሱ ጉድለት የለበትም፤ ሆኖም ለውዳሴ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በረቂቁ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር አንባቢው የጽሕፈት ቤቱን ስም ከማግኘቱ በፊት ስለ ትጋቱና ስለ ቀዳሚነቱ 11 ቃላት ያነባል። ምን እንደ ተደረገ የሚያውቀው ከ40 ቃላት በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን የሚያገኘው ምረቃውን እንጂ ውኃውን አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የእርማት እርምጃ ከመጨረሻው ግስ ተነሥቶ ወደ ኋላ ማንበብ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ አደረገ? «ጽሕፈት ቤቱ ጥር 12 ቀን የውኃ ፕሮጀክት አስመረቀ» የሚለው አጽም ብቻ ይቀራል። ይህን አጽም ያየ አራሚ ሁለተኛ ጥያቄ ያነሣል፦ በዚህ ቀን በነዋሪው ኑሮ ላይ የተለወጠው ነገር ምንድን ነው? የዜናው ፋይዳ ያለው በዚህኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

4. ቃሉን ወደ ጥያቄ መለወጥ

ቅጽሎቹ ቢሰረዙ ጽሑፉ ያጥራል እንጂ አይታረምም። «በከፍተኛ በጀት» የሚለው ሐረግ ሲወጣ የበጀቱ መጠንም አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው እያንዳንዱን ቃል ለጻፈው ክፍል በጥያቄ መልክ መመለስ ነው። «ከፍተኛ» ስንት ብር ነው? ከማንስ ተገኘ? «በእጅጉ» ከስንት ወደ ስንት ነው? «ፕሮጀክት» የተባለው ምን ነገር ነው? መልስ ያገኘ ቃል በመልሱ ይተካል፤ መልስ ያጣ ቃል ይወጣል።

በምሳሌው የተገኙት መልሶች እነዚህ ናቸው። ፕሮጀክቱ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ፣ አንድ ፓምፕና የማስተላለፊያ መስመር ነው። ወጪው 48 ሚሊዮን ብር ሲሆን 36 ሚሊዮኑ ከክልሉ ውኃ ቢሮ፣ 12 ሚሊዮኑ ከጽሕፈት ቤቱ ገቢ ተሸፍኗል። ጉድጓዱ በሰከንድ 20 ሊትር ይሰጣል፤ ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ይሠራል። ከዚህ በፊት የነበረው ዕለታዊ ምርት 1,800 ሜትር ኩብ ነበር።

እዚህ ላይ «ሙሉ በሙሉ የመለሰ» የሚለው ሐረግ በስሌት ይፈተናል። በሰከንድ 20 ሊትር ለ16 ሰዓት ሲሰላ በቀን 1,152 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከነባሩ ምርት ጋር ሲደመር 2,952 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህም ለ60,000 ነዋሪዎች ሲካፈል የነፍስ ወከፍ ዕለታዊ ምርት ከ30 ወደ 49 ሊትር ከፍ ማለቱን ያሳያል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ50,000 እስከ 100,000 ነዋሪዎች ላሏቸው ከተሞች የተቀመጠው ደረጃ ግን በቀን 60 ሊትር ነበር። በመስመር ላይ የሚባክነው ውኃ ሲቀነስ ደግሞ ለነዋሪው የሚደርሰው ከ49 ሊትር ያንሳል። እንግዲህ ዕድገቱ እውነት ነው፤ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ግን ሐሰት ነው። ይህን ሐረግ ያነበበና ዛሬም ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ነዋሪ የሚጠራጠረው ሐረጉን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውንም ዕድገት አብሮ ይጠራጠራል።

ልብ ሊባል የሚገባው «የውኃ ጥያቄን መለሰ» የሚለው ሐረግ ቅጽል የሌለው መሆኑ ነው። «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን ብቻ የሰረዘ አራሚ ጽሑፉ ገለልተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ድምዳሜው ግን በግሱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

5. ባለቤት የሌለው ግስና ጥቅሱ

«ተገልጿል» የሚለው ግስ ጽሑፉን የዜና መልክ ያላብሰዋል፤ ነገር ግን የገለጸው ማን እንደሆነ አይናገርም። በረቂቁ ውስጥ የገለጸው ራሱ ጽሕፈት ቤቱ በመሆኑ ግሱ የራስን ምስክርነት የሌላ ሰው ምስክርነት ያስመስላል። እርማቱ ባለቤቱን መመለስ ነው፤ «የጽሕፈት ቤቱ የምርት መዝገብ እንደሚያሳየው» ማለት ይበቃል።

«ክቡር» የሚለው መጠሪያ ለጥሪ ወረቀትና ለንግግር መክፈቻ የሚስማማ ሲሆን በዜና ውስጥ ቦታው የኃላፊነት ስም ነው። «ተናግረዋል» የሚለው የአክብሮት ግስ ግን መነካት የለበትም። ይህ የአማርኛ ዜና የተለመደ ሥርዓት እንጂ ውዳሴ አይደለም፤ ወደ «ተናገረ» ቢለወጥ አንባቢው ገለልተኝነትን ሳይሆን ንቀትን ያነብበታል።

ጥቅስ በመግለጫ ውስጥ የግል አስተያየት ሊቀመጥበት የሚችል ብቸኛ ቦታ ነው። በረቂቁ ያለው ጥቅስ ግን ማንኛውም ኃላፊ በማንኛውም ቀን ሊናገረው የሚችል ነው። አራሚው በራሱ ፈቃድ ሌላ ጥቅስ ሊጽፍ አይገባውም፤ ወደ ተናጋሪው ተመልሶ መዝገቡ የማይመልሰውን ጥያቄ ያቀርባል። በምሳሌው ጥያቄው «አዲሱ ውኃ ያልደረሳቸው ሰዎች መቼ ይደርሳቸዋል?» የሚል ነው። መልሱ ከመታተሙ በፊት ተናጋሪው አይቶ ሊያጸድቀው ይገባል።

6. የታረመው ጽሑፍ

«የከተማዋ ዕለታዊ የውኃ ምርት ወደ 2,950 ሜትር ኩብ ከፍ አለ

በከተማዋ ሦስት ቀበሌዎች በ5 ቀን አንድ ጊዜ ይደርስ የነበረው ውኃ ከጥር 12 ቀን ጀምሮ በ3 ቀን አንድ ጊዜ መድረስ ጀምሯል። ለውጡ የመጣው የከተማዋ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ሥራ በመጀመሩ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ የምርት መዝገብ እንደሚያሳየው ዕለታዊ ምርቱ ከ1,800 ወደ 2,950 ሜትር ኩብ ገደማ አድጓል። ይህም በነፍስ ወከፍ 49 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ለከተማዋ ደረጃ ከተቀመጠው 60 ሊትር ያነሰ ነው። የማከፋፈያ መስመር ያልተዘረጋባቸው ሁለት ቀበሌዎች በቀድሞው ፈረቃ ይቀጥላሉ።

ግንባታው 48 ሚሊዮን ብር የወጣበት ሲሆን 36 ሚሊዮኑን የክልሉ ውኃ ቢሮ፣ ቀሪውን ጽሕፈት ቤቱ ሸፍነዋል። በ12 ወር ይጠናቀቃል ተብሎ የታቀደው ሥራ ፓምፑ በመዘግየቱ 22 ወር ወስዷል።

‹ለሁለቱ ቀበሌዎች የሚሆነው ቧንቧ ተገዝቷል፤ ዝርጋታውን እስከ ሰኔ መጨረሻ ለመጨረስ አቅደናል› ሲሉ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ተናግረዋል።»

የመዘግየቱና የሁለቱ ቀበሌዎች ጉዳይ መካተቱ ለጽሕፈት ቤቱ ጉዳት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ጋዜጠኛው በቀላሉ የሚደርስባቸው ነገሮች ናቸው። በመግለጫው ውስጥ ሲገኙ ከምክንያታቸውና ከመፍትሔያቸው ጋር ይነበባሉ፤ ከውጭ ሲገኙ ግን ራሳቸውን የቻሉ ዜና ይሆናሉ።

7. መፈተሻና ገደብ

የታረመ ጽሑፍ በሁለት መንገድ ሊፈተን ይችላል። አንደኛው የተቋሙን ስም በሌላ ተቋም ስም መተካት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ሳይለወጥ ለሌላውም የሚሠራ ከሆነ መረጃ የለውም። «ሌት ተቀን የሚተጋው» ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ «በ5 ቀን አንድ ጊዜ ይደርስ የነበረው» ግን አይሠራም። ሁለተኛው ጽሑፉን ተቋሙን በሚነቅፍ ሰው ዓይን ማንበብ ነው። ነቃፊው ሊጨምርበት ይፈልግ ይሆናል፤ ሐሰት ነው ሊለው የሚችለው ዐረፍተ ነገር ግን ሊኖር አይገባም።

ቁጥርም ቢሆን ለውዳሴ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱ በፍተሻ ወቅት የሰጠው መጠን እንደ ዕለታዊ ምርት ቢጻፍ፣ ወይም ፓምፑ 24 ሰዓት እንደሚሠራ ተቆጥሮ ቢሰላ፣ ጽሑፉ አንድም ቅጽል ሳይኖረው የተጋነነ ይሆናል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ምን እንደ ተለካና የማን መዝገብ እንደሆነ መገለጽ አለበት።

በመጨረሻም የቃና እርማት የርእስ ምርጫን አይነካም። ጽሕፈት ቤቱ ስለ አዲሱ ጉድጓድ መግለጫ ሲያወጣ ስለ ቧንቧ ብክነት ሳያወጣ ቢቀር፣ የቱንም ያህል የታረመ ጽሑፍ ይህን ምርጫ ሚዛናዊ አያደርገውም። ያን ክፍተት መሙላት የጋዜጠኛው ድርሻ ነው፤ መግለጫው ሊያደርግለት የሚችለው የሚጠይቅበትን ቁጥር በእጁ ማኖር ነው።