ነጩን ቦታ ለመጨረሻ አቆየው

ልጄ፣ የደረት ራጅ ስትቀበል ዓይንህ ወደ ነጩ ቦታ መሮጡ አይቀርም። ያዘው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ።

1. ስሙን፣ ቀኑንና የቀኝና ግራ ምልክቱን አረጋግጥ። ከዚያ ከዲያፍራም በላይ ያሉትን የኋላ የጎድን አጥንቶች ቁጠር። 9 ወይም 10 ካገኘህ ታማሚው አየር በደንብ ወደ ውስጥ ስቦ ነው የተነሳው። 7 ብቻ ከሆኑ ጤነኛው ሳንባም ከታች ደመና የለበሰ ይመስልሃል። የሁለቱ ክላቪክሎች የውስጥ ጫፎች ከአከርካሪው መሃል እኩል ካልራቁም ሰውየው ዞሯልና የአየር ቧንቧውን አቀማመጥ ለማመን አትቸኩል።

2. አጥንቶቹን አንድ በአንድ፣ ከኋላ እስከ ፊት በጣትህ ተከተላቸው። ስብራት በብብት በኩል ባለው ጥምዝ ላይ ይደበቃል።

3. አሁን የአየር ቧንቧውን እይ። መሃል ላይ ሆኖ ታች ወደ ቀኝ ትንሽ ቢያዘነብል ጤነኛ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ያጠረው ወጣት መጣ። የግራ ደረቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር። «ውሃ ነው» ብዬ መርፌ አዘጋጀሁ። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ነባር ሲስተር ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ «ዶክተር፣ ቧንቧው ወዴት ነው የሄደው?» አለችኝ። ወደ ነጩ ወገን፣ ወደ ግራ ተስቦ ነበር። ደረትን የሞላ ውሃ ቧንቧውን ወደ ጤነኛው ወገን ይገፋል፤ የተኮማተረ ሳንባ ግን ወደ ራሱ ይስባል። የወጣቱ ብሮንከስ በወፍራም አክታ ተደፍኖ ነበር። የምቀዳው ውሃ አልነበረም፤ መርፌዬ ይወጋ የነበረው ሳንባውን ነው። ቧንቧው መሃል ላይ ከቆየ ደግሞ ውሃውም መኮማተሩም አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ በአልትራሳውንድ ሳታይ መርፌ አታንሳ።

4. ሳንባዎቹን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እያልክ ቀኙን ከግራው ጋር አስተያይ። ከክላቪክሎቹ ጀርባ ጊዜ ስጥ፤ ቲቢ የሚወደው ያንን ጫፍ ነው። ዳር ላይ ቀጭን መስመር አይተህ ከሱ ውጭ የደም ሥር ጥላ ካጣህ አየር ገብቷል ማለት ነው። የታችኛው ሹል ጥግ ከደነዘም ውሃ ጠርጥር፤ ነገር ግን ሰውየው ቆሞ ተነስቶም ቢሆን ከ200 ሚሊ ሊትር ያነሰ ውሃ ላይታይ ይችላል።

5. በአዋቂ ሰው የልብ ስፋት ከደረቱ ውስጣዊ ስፋት ግማሽ ካለፈ ልቡ ሰፍቷል። ይህ ልኬት የሚሠራው ቆሞ፣ ጨረሩ ከጀርባው ገብቶ ለተነሳ ሰው ነው። አልጋ ላይ ከፊት የተነሳ ልብ ከልኩ በላይ ይገዝፋል፤ በእሱ ብቻ የልብ ድካም ብለህ አትጻፍ። የልቡን ጠርዝም ተከተል፤ የቀኙ ከደበዘዘ ሕመሙ በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ነው። በመጨረሻ በጥላው ውስጥ አሻግረህ ከልቡ ጀርባ እይ። የግራ ሳንባ የታችኛው ክፍል ኒሞንያ የሚያመልጠን እዚያ ነውና ያንን ሳታይ ፊልሙን አታውርድ።