የኡስታዝን ግብዣ በአደብ ይቅርታ መጠየቅ

የወጣቶችን ሐለቃ የሚመሩት ኡስታዝ ቅዳሜ ቤታቸው እራት ጠሩህ እንበል፤ ሰኞ ደግሞ ፈተና አለብህ። ብዙዎቻችን «ኢንሻአላህ» ብለን እንቀራለን። በሱረቱል ካህፍ (18፥23-24) የታዘዝነው ግን ልናደርገው ላሰብነው ነገር ኢንሻአላህ እንድንል ነው። ላለመሄድ ወስነን ካልነው ቤተሰባቸው ምግብ ሠርቶ በከንቱ ይጠብቀናል።

እኔ በዚያው ቀን እደውልላቸዋለሁ። በግሩፑ ላይ አልጽፍም፤ ሰው ፊት እምቢ መባል ቅር ያሰኛል። «ኡስታዝ፣ ስላሰቡኝ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ሰኞ ፈተና ስላለብኝ ቅዳሜ መምጣት አልችልም፤ ዐፉ ይበሉኝ» እላለሁ። ምክንያቴ አንድ፣ አጭርና እውነተኛ ነው።

በእኛ ባህል የመጀመሪያው እምቢታ ብዙ ጊዜ እንደ ይሉኝታ ይቆጠራል። ስለዚህ «ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ በል» ብለው ቢያጠብቁ የፍቅር ነው፤ ተቆጡ ማለት አይደለም። ያኔ አዲስ ምክንያት አልጨምርም፤ ሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያውን ያስጠረጥራል። ያንኑ በለሰለሰ ድምፅ ደግሜ፣ «አላህ ቤትዎን በበረካ ይሙላው» ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ። ከልቤ ካሰብኩ ብቻ «ከፈተናው በኋላ መጥቼ እዘይርዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ» እላለሁ።

የተጠራነው ለኒካሕ ወሊማ ከሆነ ግን ይለያል፤ አብዛኞቹ ዑለሞች በስም የተጠራ ሰው ያለ ዑዝር መቅረት የለበትም ይላሉ። እንደ እራቱ ላሉ ሌሎች ግብዣዎች መሄድ በብዙዎቹ ዘንድ ሱና ነው።