ጾምና በዓል በተደራረቡበት ወቅት የሥራ ስብሰባን ማቀድ
በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች የስብሰባ ቀን የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ በኮምፒዩተር ካሌንደር ላይ ባዶ ሆኖ የታየውን ቦታ በመያዝ ነው። ካሌንደሩ ግን በአብዛኛው የፌዴራል መንግሥቱን በዓላትና የምዕራባውያንን ፋሲካ እንጂ ዐቢይ ጾምን ወይም ስቅለትን ስለማይዝ፣ ጾመኛው ሠራተኛ በዝምታ ይቸገራል፤ ስብሰባውን የጠራው ሰውም ማስቸገሩን ሳያውቅ ይቀራል። ችግሩ በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን ጾም ግን ሳምንታትን ስለሚዘልቅ፣ ስብሰባና እምነት በብዛት የሚጋጩት በዕለቱ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ይህ መመሪያ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት የጀመሩበትን የ2026ን ጊዜ በምሳሌነት ወስዶ፣ የቡድን ኃላፊም ሆነ ተራ ሠራተኛ የሆነ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለውን ወቅት እንዴት ማቀድ እንደሚችል ያስረዳል። ቀኖቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በአሜሪካ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቀናትን በሦስት መክፈል

ዕቅዱ የሚጀምረው ቀናቱን በዓይነት በመለየት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ምእመኑ ከሥራ ርቆ በአምልኮ ወይም ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፈው ቀን ሲሆን፣ ስቅለት፣ ዒድና የአይሁድ ፋሲካ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሁለት ቀናት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ፤ በእነዚህ ቀናት የሰውየው መገኘት የሚያስፈልገው ስብሰባ አይያዝም። የአይሁድ በዓል ከዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ፣ የዋዜማው ከሰዓት በኋላም እንደ ተያዘ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው እየሠራ የሚጾምበት ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ስብሰባውን መሰረዝ ሳይሆን ሰዓቱንና መስተንግዶውን ማስተካከል ይበቃል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዐቢይ ጾም ከሥጋ፣ ከወተት ተዋጽኦና ከእንቁላል ከመከልከሉም በላይ በሥራ ቀናት ምግብና መጠጥ ሳይቀምስ እስከ ከሰዓት በኋላ 3፡00፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ አንዳንዱም ከዚያ አልፎ ይቆያል። ሙስሊሙ ደግሞ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃም ሳይቀምስ ይጾማል፤ ለሱሑር፣ ማለትም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ስለሚነሣና ማታም በተራዊሕ ሶላት ስለሚያመሽ እንቅልፉ ያጥራል። ሁለቱም ከቀትር በፊት የተሻለ ብርታት አላቸው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ይደክማሉ።

ሦስተኛው ዓይነት ዕለቱ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የማይታወቅ ቀን ነው። የረመዳን መግቢያና ዒድ አል ፊጥር በጨረቃ መታየት ወይም በሥነ ፈለክ ስሌት ስለሚወሰኑና መስጊዶችም በዚህ ረገድ ሁልጊዜ ስለማይስማሙ፣ ለዒድ ሁለት ተከታታይ ቀናትን ክፍት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። የጨረቃን መታየት የሚጠብቀው ሠራተኛ ዕለቱን የሚያውቀው በዋዜማው ማታ በመሆኑ፣ ከወር በፊት ቁርጡን እንዲናገር መጠየቅ የማይችለውን መጠየቅ ነው።

የ2026 ምሳሌ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚሠራ ስድስት አባላት ያሉት ቡድን አለ እንበል፤ ከአባላቱ መካከል አንዲት ኦርቶዶክሳዊት ኢትዮጵያዊት፣ ሁለት ሙስሊሞች፣ አንድ አይሁዳዊና አንዲት ካቶሊክ ይገኛሉ፤ ስድስተኛው የሚያከብረው ሃይማኖታዊ በዓል የለውም። ቡድኑ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 4፡00 ላይ ይሰበሰባል፤ የሩብ ዓመቱን ሥራ የሚገመግምበት የግማሽ ቀን ስብሰባ ደግሞ ለዓርብ ኤፕሪል 10 ታስቧል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሰኞ ፌብሩዋሪ 16 ገብቶ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ሲውል፣ ረመዳን ፌብሩዋሪ 18 ገደማ ጀምሮ ዒድ ማርች 20 ገደማ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ከስድስቱ ሦስቱ ጾመኞች ናቸው። የረቡዑ ስብሰባ 4፡00 ላይ ሲጀመር ኦርቶዶክሳዊቷ ገና እህል የቀመሰችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ምናልባትም ጭራሽ አልቀመሰችም። ለሙስሊሞቹ ደግሞ የቀኑ እጅግ አድካሚ ሰዓት ነው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ በዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ6፡00 ጥቂት ቀደም ብላ በመሆኑ፣ ስብሰባው 5፡00 ላይ አልቆ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው የኢፍጣር ሰዓት በመኪና ውስጥ ይደርስበታል። ማርች 8 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ኢፍጣር ከ7፡00 በኋላ ይሆናል፤ የመንገዱ ጥድፊያ ሲቀንስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለው የጾም ጊዜ ይረዝማል።

መፍትሔው የረቡዑን ስብሰባ ከፌብሩዋሪ 16 ሳምንት አንሥቶ እስከ ፋሲካ ድረስ፣ የአይሁድ ፋሲካ ከሚውልበት ኤፕሪል 8 በቀር፣ ወደ ጠዋት 10፡00 ማዛወር ነው። ከ8፡00 ይልቅ 10፡00 የሚመረጠው ሌሊት ለሱሑር የተነሣው ሰው ጥቂት እንዲያርፍ ነው። ከቀትር በኋላ ስብሰባ የግድ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ከ12፡30 እስከ 2፡30 ያለው ጊዜ አይነካም፤ የጁምዓ ሶላት በአብዛኛው የሚሰገደው በዚያ መካከል በመሆኑ ይህ ከረመዳን ውጭም ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ ነው።

የግምገማው ስብሰባ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከዚህ ይበልጣል። የተመረጠው ኤፕሪል 10 የኦርቶዶክሶች ስቅለት ሲሆን፣ ኦርቶዶክሳዊቷ ከጠዋት እስከ ማታ በስግደት ቤተ ክርስቲያን ትውላለች። በሳምንት ቢቀደም ኤፕሪል 3 የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ስቅለት ነው፤ ለአይሁዳዊውም ኤፕሪል 1 ማታ የገባው ፋሲካ ሁለተኛ ቀን ሲሆን፣ የበዓሉ የመጨረሻ ቀናት ኤፕሪል 8 እና 9 ላይ ይውላሉ። ማርች 20 ዒድ ሊሆን የሚችል ቀን ነው። ማርች 27 ከበዓል ነጻ ቢሆንም ሩብ ዓመቱ የሚዘጋው ማርች 31 በመሆኑ ለግምገማ ቀድሞ ይገኛል። የቀረው ተስማሚ ጊዜ ከፋሲካ ማግሥት ያለው ሳምንት ነው፤ ሰኞ ኤፕሪል 13 የትንሣኤን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ላሳለፈ ሰው የድካም ቀን ስለሆነ፣ ሐሙስ ኤፕሪል 16 ጠዋት 10፡00 ለስድስቱም ይመቻል። እንዲህ ያለው ምርመራ ሁሉንም ቀናት በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለተመለከተ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ስብሰባው ከተጠራ በኋላ ግን የስድስት ሰዎችን ዕቅድ ማፍረስ ይሆናል።

ምሳ የሚቀርብበት ስብሰባ በእነዚህ ወራት ቢቀር ይመረጣል፤ ከቀረም የሚቀረው ለሁሉም ነው። ከፋሲካ በፊት መስተንግዶ የግድ ከሆነ ለኦርቶዶክሳዊ ጾመኛ የሚታዘዘው «ቪጋን» የተባለው ምግብ እንጂ «ቬጀቴሪያን» የተባለው አይደለም፤ ሁለተኛው አይብ፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላልና።

ጥያቄውን የማቅረብ ሥርዓት

ኃላፊ የሆነ ሰው ቀናቱን ለማወቅ የማንንም እምነት መጠየቅ አያስፈልገውም። በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ለቡድኑ አባላት ሁሉ አንድ ዓይነት ኢሜይል ልኮ፣ ስብሰባ እንዳይያዝባቸው የሚፈልጓቸውን ቀናትና ሰዓታት ምክንያት ሳይጠቅሱ እንዲያሳውቁት ማድረግ ይበቃል። ለጾመኞች ብቻ የተላከ ጥያቄ በበጎ አሳብ ቢሆንም ሰውን ነጥሎ ያሳያል፤ በስሙ ወይም በልብሱ ሃይማኖቱን መገመትም ከስሕተት አያድንም።

ሠራተኛው በበኩሉ ከይሉኝታ የተነሣ ዝም ማለት ወይም በስቅለት ቀን «አሞኛል» ብሎ መቅረት አይበጀውም፤ የሐሰት የሕመም ፈቃድ በራሱ የዲሲፕሊን ጥፋት ሊሆን ይችላልና። ከዚህ ይልቅ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፣ ቀኑን፣ የሚቀርበትን ሰዓት፣ ሥራውን የሚሸፍንበትን መንገድና አማራጭ ቀን በአጭር ኢሜይል ቢገልጽ ኃላፊው ለመፍቀድ ይቀለዋል። ፋሲካ ከምዕራባውያኑ የተለየ ቀን ሲውል ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ኃላፊው በዓሉ አልፏል ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ከዚህ ጀርባ ሕግ አለ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ምክንያታዊ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ማስተካከያ ማለት በፈረቃ፣ በሰዓት ወይም በፈቃድ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በእሑድ መሥራትን ባልተቀበለ ፖስተኛ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪው ማስተካከያውን ለመከልከል ከሥራው ጠባይ አንጻር ከፍተኛ ተጨማሪ ወጪ ወይም ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ሆኖም ሕጉ ሠራተኛው የመረጠውን መፍትሔ ሁሉ አያስገኝም፤ አሠሪው ግጭቱን በሌላ መንገድ ካስወገደ፣ ለምሳሌ ያለ ክፍያ ፈቃድ ወይም የፈረቃ ልውውጥ ከሰጠ፣ ግዴታውን ሊወጣ ይችላል።

የሚበላሽበት ቦታ

በጣም የተለመደው ስሕተት ጾመኛውን «እንዳይደክም» ብሎ ሳይጠይቁት ከስብሰባ መተው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ውሳኔው እርሱ በሌለበት ያልፍና አክብሮቱ ወደ መገለል ይለወጣል። ሁለተኛው ስሕተት ሸክሙን ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ መጣል ነው። ለዋሽንግተን የሚመቸው ጠዋት 10፡00 በካሊፎርኒያ ላለ ባልደረባ ንጋት 7፡00 በመሆኑ፣ ቡድኑ በሁለት የሰዓት ክልል ከተከፈለ 12፡00 ላይ መሰብሰብ ወይም ሰዓቱን በየሳምንቱ ማፈራረቅ የተሻለ ነው። ዕቅዱ መሳቱ የሚታወቀው ከስብሰባ በኋላ ቃለ ጉባኤውን ወይም ቅጂውን ሁልጊዜ የሚጠይቀው ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ ወይም በሌላ ጊዜ ይናገር የነበረ ሰው በእነዚህ ወራት ዝም ሲል ነው።

የአንዱ ዓመት ዕቅድ ለሚቀጥለው አይገለበጥም። በ2027 ረመዳን ፌብሩዋሪ 8 ገደማ ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ግን ማርች 8 ስለሚጀምር፣ ረመዳን ሲያበቃ ዐቢይ ጾም ይቀጥልና በቡድኑ ውስጥ የጾሙ ወቅት ወደ ሦስት ወር ገደማ ይራዘማል። ፋሲካም ሜይ 2 ሲውል፣ ምዕራባውያኑ ከአንድ ወር በላይ ቀድመው ማርች 28 ያከብራሉ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ መስቀል ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ላይ ይውላሉ፤ ገና ግን እንደ ወትሮው ጃንዋሪ 7 ነው። ስለዚህ በካሌንደሩ ላይ በየዓመቱ እንዲደጋገም የተደረገ የበዓል ማስታወሻ ሁሉ በየዓመቱ ከባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያኒቱ የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት፣ እንዲሁም በአቅራቢያ ካለው መስጊድ ማስታወቂያ ጋር መመሳከር አለበት።