ስምንት ገጽ በአንድ ሰሌዳ

ስለ ፔንዱለም የጻፍነው የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስምንት ገጽ ነበር። ለሳይንስ ትርዒት ገጾቹን ሁሉ በካርቶን ላይ ለጥፈን ብናቆመው፥ ተመልካቹ ርዕሱን ብቻ እያየ አለፈ። ስለዚህ እንደገና ሠራነው።

በመጀመሪያ ውጤቱን ርዕስ አደረግነው፤ «በክርና በጠጠር የመሬትን ስበት ለካን፤ 9.77 ሜትር በካሬ ሴኮንድ» አልን። ረጅሙን ሰንጠረዥ ትተን፥ የክሩን ርዝመት በአግድም፥ የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ በቁም የሚያሳየውን ግራፍ በመካከል፥ በዓይን ትክክል አኖርነው። አምስቱ ነጥቦች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ስለዋሉ፥ ስሌቱን ያላነበበም ሰው ነገሩን ይረዳዋል። የመሣሪያው ሥዕል በግራ ሆነ። በቀኝ በኩል፥ ሰዓቱን ስንጫን እጃችን ስለሚዘገይ ሃያ ውዝዋዜ አብረን መለካታችንን በሁለት ዐረፍተ ነገር ገለጽን። ፊደሉ ከሁለት ሜትር ይነበባል።

ሪፖርቱንም ለጠያቂ ከሰሌዳው ሥር አስቀመጥነው።