ለፈረንሳዊ አለቃ የሚጻፍ የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሊዮን ከተማ ውስጥ በአንድ መጋዘን የዕቃ ክምችት ተቆጣጣሪ ነኝ። የቤት ኪራይ ስለናረብኝ ለቅርብ አለቃዬ በፈረንሳይኛ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቅሁ፤ «አይቻልም» ተባልሁ። እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የኪራዩ ችግር እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ አለቃዎ ጥያቄውን ለበላዮቹ ሲያቀርብ ሊከራከርልዎ የሚችለው በሥራዎ ውጤት ነው። የፈረንሳይ ሕግ ከዝቅተኛው ደመወዝና ከዘርፉ የጋራ ስምምነት ወለል በላይ የሚከፍል አሠሪን በአብዛኛው ጭማሪ እንዲያደርግ አያስገድደውም።

ስለዚህ ደብዳቤው በውጤት ይጀምር። የቆጠራ ስህተቱ በአንድ ዓመት ከ4 በመቶ ወደ 1.5 ወርዶ ከሆነ፣ ሁለት አዲስ ሠራተኞችንም አሠልጥነው ከሆነ፣ ከነወሩ ይጥቀሱት። የሚፈልጉት የጭማሪ መጠን ይከተላል። በፈረንሳይ የሚነገረው ተቀናሽ ሳይነሳለት ያለው የዓመት ደመወዝ፣ «ብሩት አኑኤል» ነው፤ 28,000 ዩሮ የሚከፈለው ሠራተኛ 6 በመቶ ጭማሪ ሲፈልግ «29,680» ብሎ ይጽፋል። ቁጥር የሌለው ጥያቄ አለቃው የፈለገውን ትንሽ መጠን እንዲያቀርብ ይተውለታል።

ቃናው ለስለስ ይበል፦ በ«ዠ ቨ» ፈንታ «ዠ ስዌትሬ» ይጠቀሙ። መዝጊያው ላይ ወዲያው ውሳኔ ከመጠየቅ ይልቅ የውይይት ቀጠሮ ይለምኑ። ሥራ እለቃለሁ የሚል ማስፈራሪያ ግን አይግባበት፤ ውይይቱን ከውጤትዎ ያርቀዋል።

በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የጋራ ስምምነቱ ስም ተጽፏል። ደመወዝዎ ለሥራ ደረጃዎ ከተወሰነው ወለል በታች ከሆነ ጉዳዩ የመብት ጥያቄ ነውና የሠራተኞች ተወካይን፣ የሥራ ቁጥጥር ቢሮን ወይም የሥራ ሕግ ጠበቃን ያማክሩ።