የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል፦ የሸንገን ቪዛ ቆይታ እንዴት ይሰላል?

ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን የሚኖር ሰው እናቱን ለጉብኝት ሲያስመጣ፣ ቪዛው በእጁ እንደገባ መጀመሪያ የሚያየው “እስከ” ከሚለው ቃል ፊት የተጻፈውን ቀን ነው። የመመለሻ ትኬቱንም በዚያ ቀን ይቆርጣል። ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ሕግ የሚጥሰው እዚህ ላይ ነው። ቪዛው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል። አንደኛው ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ሲሆን “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን” ተብሎ የተቀመጠው ነው። ሁለተኛው የሚፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛት ነው፤ 30 ወይም 45 ወይም 90 ተብሎ በቁጥር ይቀመጣል። እናትዎ መቼ መውጣት እንዳለባቸው የሚወስኑት ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ገደቡ ይሆናል።

“እስከ” የሚለው ቀን ከቆይታው የሚረዝምበት ምክንያት አለው። በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ መሠረት ለአንድ ጊዜ መግቢያ በሚሰጥ ቪዛ ላይ ቆንስላው ከተጠየቀው የጉዞ ጊዜ በተጨማሪ የ15 ቀን መተጣጠፊያ ያክላል። ይህ የተሰጠው በረራው ቢዘገይ ወይም መንገደኛው ከታሰበው ቀን ዘግይቶ ቢነሳ ቪዛው እንዳይቃጠል ነው። ተጨማሪ 15 ቀን የመቆየት መብት አይደለም። አገር ቤት ለሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን ይህ ነጥብ በተለይ ይመለከታቸዋል፤ የኅብረቱ ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ለብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጣቸው ሆኗል። ስለዚህ ውሳኔው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ የሚይዘው ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ መተጣጠፊያውም የሚገኘው በእሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ። የሸንገን የድንበር ሕግ፣ ማለትም የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 2016/399፣ በአንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 2 ጉዳዩን ለክርክር በማይመች መልኩ አስቀምጦታል። የገቡበት ቀን የቆይታው የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የወጡበት ቀን ደግሞ የቆይታው የመጨረሻ ቀን ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢገቡ፣ ለእኩለ ሌሊት የቀረችው ግማሽ ሰዓት ብቻዋን አንድ ሙሉ ቀን ሆና ትቆጠራለች። ማለዳ ቢወጡም እንደዚያው ነው።

በምሳሌ እንየው። እናትዎ ፍራንክፈርት የሚገቡት ዓርብ ጁን 5 ቀን 2026 ነው እንበል፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። የተፈቀደላቸው ቆይታ 30 ቀን ነው። ቪዛው “ከጁን 5 እስከ ጁላይ 19” ይላል። ጁን 5 ቁጥር አንድ ነው። ከጁን 5 እስከ ጁን 30 ሁለቱም ተቆጥረው 26 ቀን ይሆናል፤ ከጁላይ 4 ቀን ሲጨመር 30 ይሞላል። እናትዎ ከሸንገን አገሮች መውጣት ያለባቸው ቢዘገይ ቅዳሜ ጁላይ 4፣ ሰኔ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በጁላይ 19 ትኬት ቢቆረጥላቸው 15 ቀን ከሕግ ውጭ ይቆያሉ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ከእሱ የበለጠ የሚደጋገመው ግን የአንድ ቀኑ ስህተት ነው። ሰው “አንድ ወር ነው የተሰጣት” ይልና ከጁን 5 ተነስቶ ጁላይ 5 ላይ ይቆማል። ወይም ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑን አስቦ ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 28 ይሄዳል። ሁለቱም የሚያደርሱት እሑድ ጁላይ 5 ላይ ነው፤ ያ ደግሞ 31ኛው ቀን ነው። በተመሳሳይ፣ “30 ሌሊት ታድራለች” ብሎ ማስላት 31 ቀን ያመጣል፤ ምክንያቱም በሌሊት ሲቆጠር የመውጫው ቀን ሌሊት የለውም፣ በቀን ሲቆጠር ግን ቀን ነው። ማመልከቻው ሲሞላም በዚሁ መንገድ አስሉ። የመድረሻና የመመለሻ ቀኑ ሲጻፍ ሁለቱንም ቆጥራችሁ 31 ከመጣ፣ የምትጠይቁት 31 ቀን ነው፤ 30 ብላችሁ ከጠየቃችሁ ትኬቱን በአንድ ቀን ቀድሙት። ለሸንገን ቪዛ የግድ የሆነው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጤና መድን ሽፋንም ሁለቱን ጫፍ ቀናት ይዞ መገዛት አለበት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስላት የሚመቸው ሰው ቀላል ዘዴ አለው፤ ለ30 ቀን ቆይታ በሚቀጥለው ወር ከተመሳሳዩ ቁጥር አንድ ቀን ይቀንስ፣ ለ90 ቀን ደግሞ ሦስት ወር ሄዶ አንድ ቀን ይቀንስ። ይህ የሚሠራው ግን ጳጉሜን በመሐል ካልገባች ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የ90 ቀን ቪዛ ይዞ የገባ ሰው በዚህ ዘዴ ጥቅምት 19 ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው የመጨረሻ ቀን ግን ጥቅምት 14 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ሕጉ እንደማንኛውም ቀን ይቆጥራቸዋል። ለአዲስ ዓመት ሰሞን ዘመድ የምታስመጡ ቤተሰቦች ይህን ልብ በሉ።

የሌሊት በረራም ቆጠራ ያዛባል። የሚቆጠረው ከአዲስ አበባ የተነሱበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው የሸንገን አገር ኤርፖርት ላይ የፓስፖርት ፍተሻውን ያለፉበት ቀን ነው። ማታ ከቦሌ ተነስተው ንጋት ላይ ፍራንክፈርት የደረሱ እናት የመጀመሪያ ቀናቸው የደረሱበት ነው። ሲወጡም እንዲሁ የመጨረሻው ፍተሻ ይወስናል። ከስቶክሆልም በፍራንክፈርት በኩል የሚመለሱ ከሆነ የመውጫ ፍተሻው ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከስቶክሆልም በጊዜ ተነስተው ፍራንክፈርት ላይ ካደሩ የወጡበት ቀን የማግስቱ ነው። እዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ያሳስታል። በእኛ አነጋገር “የቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰዓት” የሚባለው በእነሱ እሑድ የገባ ሰዓት ነው፤ ቀናቸው የሚለወጠው በሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነውና። ትኬት ላይ ከሌሊቱ ስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለ በረራ ስታዩ ቀኑን ደግማችሁ አንብቡ።

እናትዎ ዘግይተው ቢነሱስ? ጁን 12 ቢገቡ 30ኛው ቀን ጁላይ 11 ነው፤ ቪዛው እስከ ጁላይ 19 ስለሚያገለግል ሙሉ 30 ቀናቸውን ያገኛሉ። መተጣጠፊያው የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጁን 25 ቢገቡ ግን 30ኛው ቀን ጁላይ 24 ይሆናል፤ ቪዛው ደግሞ ጁላይ 19 ያበቃል። ስለዚህ ጁላይ 19 መውጣት አለባቸው፤ የሚቆዩትም 25 ቀን ብቻ ነው።

የአገራችንን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይህን አቆጣጠር ሲያይ ግራ ሊገባው ይችላል፤ ምክንያቱም በእኛ ሕግ ይበልጥ የለመድነው ተቃራኒውን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስበት የይርጋ ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ጊዜው የሚጀምረው ግን መብቱን መጠቀም ከሚችልበት ቀን ቀጥሎ ካለው ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነም ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ስለ ውል ይርጋ በሚደነግግበት ክፍል የመነሻውን ቀን አይቆጥርም። ልዩነቱ የመጣው ከዓላማው ነው። ሕግ አንድ ነገር እንድታደርጉ ጊዜ ሲሰጣችሁ፣ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ግማሹ አልፎ ስለሚሆን ሙሉ ቀናት እንዲኖራችሁ የመጀመሪያውን ይተወዋል፤ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ሲዘጋም ይጠብቃችኋል። ሸንገን ግን የሚለካው በአገሩ ውስጥ ስንት ቀን እንደተገኙ ነው፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የተገኙበት ቀን የተገኙበት ነው። ድንበር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አይዘጋም። በምሳሌያችን የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ላይ መዋሉ ወደ ሰኞ አያሸጋግረውም።

ሁለቱንም ጫፍ መቁጠር ሁልጊዜ ሰውን የሚጎዳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በአካል አገሩ ውስጥ የነበረባቸው ቀናት ሲሰሉ፣ ወደ አዲስ አበባ የሄደበት ቀንም የተመለሰበት ቀንም አሜሪካ ውስጥ እንደነበረ ይቆጠሩለታል። ቆጠራው ያው ነው፤ እዚያ ግን ቀን ሲበዛ ይጠቅመዋል።

ወደ ሸንገን ስንመለስ፣ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ ድንበሮች ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ገብተዋል። የማኅተም ቀን ማየትና መገመት እየቀረ ነው፤ መዝገቡ ቀኑን ራሱ ያሰላል፣ ጊዜ ያሳለፈውንም ሰው ለይቶ ያሳያል። ማኅተም በማይኖርበት ጊዜ የመግቢያችሁ ማስረጃ በእጃችሁ እንዲኖር የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀቱን አትጣሉ። ጊዜ ያሳለፈ ሰው የሚገጥመው እንደየአገሩ ይለያያል፤ ቅጣት ሊሆን ይችላል፣ የመግቢያ እገዳም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው የቪዛ ማመልከቻ ላይ ደግሞ አንድ ቀንም ብትሆን ትነሳለች።

እናትዎ ቢታመሙ ወይም በረራው ቢሰረዝ ሕጉ መፍትሔ አለው። ከአቅም በላይ በሆነ ወይም በሰብዓዊ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ያለ ክፍያ ይራዘምለታል፤ ከባድ የግል ምክንያት ላለው ደግሞ በ30 ዩሮ ሊራዘምለት ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ሰውየው ባለበት አገር ላለው ባለሥልጣን ነው፤ ጀርመን ከሆነ ለከተማው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት። የሐኪም ወረቀት ወይም የአየር መንገዱን የስረዛ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይያዙ፤ ጥያቄውንም የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ያስገቡ። መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ ስለማይሠራ፣ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ከሆነ ማመልከቻው ቢዘገይ ዓርብ መግባት አለበት።