የዋሽንት ቀዳዳ የት ይበሳ?

በቢቸናና በሞጣ አገር የሚነፋው ዋሽንት ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ነፊው ትንፋሹን በላይኛው አፍ ጠርዝ ላይ ሰያፍ አድርጎ ሲለቀው፣ በውስጡ ያለው አየር መርገብገብ ይጀምራል። የምንሰማው የዚያን አየር ድምፅ ነው። ስለዚህ ድምፁን የሚያቀጥነውም የሚያወፍረውም በዋናነት የአየሩ ርዝመት ነው።

ሞገዱ ከአንዱ ክፍት ጫፍ ወደ ሌላው ደርሶ እስኪመለስ አየሩ አንድ ጊዜ ይርገበገባል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የአየሩ ርዝመት 57 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የደርሶ መልሱ መንገድ 1.14 ሜትር ይሆናል፤ 343ን ለዚህ ስናካፍል በሰከንድ 300 ጊዜ ያህል መርገብገብ ይመጣል። አየሩ ከጫፎቹ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሚርገበገብ፣ ሸምበቆው ራሱ ከ57 ጥቂት ያንሳል።

አሁን ጣት ሲነሳ ምን ይሆናል? ሞገዱ የሸምበቆውን መጨረሻ ሳይጠብቅ ቀዳዳው ዘንድ መውጫ ያገኛል፤ ሸምበቆው እዚያ የተቆረጠ ያህል ይሆናል። በሰከንድ 450 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ብንፈልግ ርዝመቱ 38 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ችግሩ ግን እዚህ ነው፦ በ38 ልክ የተበሳ ቀዳዳ ድምፁን ከሚፈለገው አወፍሮ ይሰጣል። ቀዳዳው ከሸምበቆው ጉድጓድ ስለሚጠብ ሞገዱ ሙሉ በሙሉ አይወጣበትም፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ይመለሳል። ጠባብ ቀዳዳ ከስሌቱ ይልቅ ወደ አፍ ቀረብ ብሎ መበሳት ያለበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳውን አጥብቦ ጀምሮ፣ እየነፉና እያዳመጡ ቀስ በቀስ ማስፋት ይሻላል። በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ከልክ በላይ ከቀጠነ በሰም ጠበብ ማድረግ ይቻላል። ከታች መቁረጥ ግን ይህን አያስተካክልም፦ የሚያቀጥነው በይበልጥ ሁሉም ቀዳዳ ተዘግቶ የሚሰማውን ድምፅ ስለሆነ፣ በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ያዛባል። ቅኝቱን የሚሠራው ይህ ርቀት ነው፤ ነፊዎች ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች የሚይዙትም ከዘፋኙ ድምፅና ከቅኝቱ ጋር ለማስማማት ነው።

አራት ቀዳዳና ሁሉም የተዘጋበት ተደምረው አምስት ድምፅ ይሰጣሉ። ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ አየሩ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚርገበገብ፣ 300 የነበረው 600 ይሆንና አምስቱ ድምፆች ከፍ ብለው ይደገማሉ።

ደጋ ላይ አየሩ የሳሳ መሆኑ ዋሽንቱን ያወፍረው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ አለ። መሳሳቱ የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ ብርዱ ግን ይለውጣል። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 337 ሜትር ስለሚወርድ፣ ያው ዋሽንት በሰከንድ 296 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። በሞጣ ማለዳ ዋሽንቱ ወፍሮ ከተሰማ ቀዳዳ ከማስፋት በፊት፣ ትንፋሹ ውስጡን እስኪያሞቀው ጥቂት መንፋት ነው።